የኮሌጁ ማስታወቂያና የባለቤቴ ድምፅ

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ማስታወቂያ መቅዳት ነበር። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን አፉ አጠገብ ይዟል፤ እኔ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ከራሱ በላይ እንደ ድንኳን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ቤታችን ከዋናው መንገድ ብዙ አይርቅም። የባጃጁ ጡሩምባ፣ ወደ ሐረር የሚያልፈው የጭነት መኪና፣ የጎረቤት የብረት በር፣ ሁሉም ቀረጻው ውስጥ ይገባል። ስቱዲዮ አልነበረንም። ለዓመታት ጭሮ ውስጥና በዙሪያው ባሉ ከተሞች በመኪና እየዞረ የተሰማው ድምፅ ሁሉ የተቀዳው በዚያ ብርድ ልብስ ሥር ነው።

«ክንዴ ዛለ፤ ቶሎ በል» አልኩት።

«አንድ ጊዜ ብቻ። መጨረሻው ላይ ትንፋሽ አጠረኝ።»

«አራተኛህ ነው እኮ።»

«አቦ ተይኝ! በሙቀት ብሞት ገደለችው ነው የሚሉሽ» አለኝ ከውስጥ፤ ሁለታችንም ሳቅንና ያም ቀረጻ ተበላሸ።

ያን ቀልድ ሳስታውስ አሁንም መቀመጥ ያቅተኛል። ይህን ስጽፍም ሁለት ጊዜ ተነስቼ መስኮቱን ከፍቼ ዘግቻለሁ።

ሥራችን እንዲህ ነበር። ገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ባነር እናሠራለን፣ በራሪ ወረቀት እናትማለን፣ ጽሑፉንም እኛው እንጽፋለን። ረቂቁን እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ እሱ መቻራ ተወልዶ ስላደገ በአፋን ኦሮሞ ይመልሰዋል፤ ሁለቱንም እሱ ያነባል። ከዚያ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት አሮጌ ፒክአፕ ይዘን እንወጣለን። ሹፌሩ ከእኛ ጋር ያረጁ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው።

የዚያን ቀን የቀዳነው የአንድ የግል ኮሌጅ የምዝገባ ማስታወቂያ ነበር። ከሥራችን ሁሉ ከባዱ የኮሌጅ ነው። ዱቄት ወይም ቀለም ስታስተዋውቅ የምታናግረው የሚገዛውን ሰው ነው። ኮሌጅ ላይ ግን የሚማረው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ ያላስገባው ልጅ መስማት የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ጫት ሸጦ ወይም ቡና አስለቅሞ የሚያስተምረው አባት መስማት የሚፈልገው ሌላ። ልጁ መንገዱ እንዳልተዘጋ እንዲነገረው ይፈልጋል። ወላጁ ግን ይጠይቃል፤ ሩቅ ነው? ልጄ የት ታድራለች? ስትጨርስ ማን ይቀጥራታል? ወረቀቱን መንግሥት ይቀበለዋል?

ስለዚህ እኔና እሱ ሥራውን እንከፍለው ነበር። ወረቀቱ ለልጁ ነው፤ ድምፁ ለወላጁ። በራሪ ወረቀት የሚቀበሉት ወጣቶቹ ናቸው፤ እዚያ ላይ «አንተ» እና «አንቺ» እያልን፣ አጠር አድርገን፣ የትምህርቶቹን ስም በትልቁ እንጽፋለን። ድምፅ ማጉያው ግን በየበሩ ለተቀመጠው አባትና በገበያ ለተሰበሰቡት እናቶች ነው፤ እሱ «እርስዎ» ብሎ ነው የሚያናግረው። «ወደቀ» የሚለውን ቃል አንነካም። በትንሽ ከተማ ያ ቃል ከድምፅ ማጉያ ሲወጣ ሰው ሁሉ ዞሮ የማን ልጅ እንደሆነ ያያል። እኔ መጀመሪያ «ውጤት ያልመጣላችሁ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ እሱ ሰረዘና «አሥራ ሁለተኛን ያጠናቀቃችሁ» አለው። «መጨረሳቸው እውነት ነው፤ ሌላውን እነሱ ያውቁታል» አለኝ።

ሌላም ልማድ ነበረው። ጽሑፉን እንደጨረስን ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር እየተራመደ ጮክ ብሎ ያነበዋል። መኪና ስለሚሄድ ነው። በሩ ላይ የተቀመጠ ሰው መኪናው አጠገቡ እስኪያልፍ ድረስ የሚደርሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቢበዛ አንድ ተኩል። የቀረው የሚቀጥለው ሰፈር ሰው ነው። «እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻውን መቆም አለበት፤ ሌላ ላይ የሚደገፍ ከሆነ በመንገድ ይለያያሉ» ይል ነበር።

የኮሌጁ ማስታወቂያ ላይ ለወላጅ የተጻፈው ዋናው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። «እናት፣ አባት፤ ልጅዎ እዚሁ ጭሮ፣ ከቤቷ ሳትርቅ፣ ነርሲንግ፣ ሒሳብ አያያዝና ኮምፒውተር ትማራለች።» ነርሲንግን ፊት ያደረግነው የኮሌጁ ዲን ስለፈለገ ነው፤ ትክክልም ነበር። በእኛ አገር እናቶች ነርስ ማለት ምን እንደሆነ ማንንም አይጠይቁም። ሒሳብ አያያዝ ግን ማስረዳት ይጠይቃል።

ያን ጊዜ ዲኑ የነርሲንግ ፈቃድ ሊወጣ ነው ብሎን ነበር። አንድ ኮሌጅ ፈቃድ የሚያገኘው በጅምላ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት፣ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለየብቻ ነው። ለሒሳብ አያያዝና ለኮምፒውተር ነበራቸው። ለነርሲንግ የተግባር መለማመጃ ክፍሉን፣ አልጋውንና አሻንጉሊቱን ሁሉ አሟልተው ገምጋሚዎች አይተው ሄደዋል። ባለቤቴ «ፈቃዱን በዓይኔ ሳላይ መኪናው አይወጣም» አለ፤ ዲኑም ተስማማ። ቀድተን አስቀመጥነው።

ባለቤቴ በዚያው ሳምንት ሞተ። ጠዋት ጫማውን ሲያስር። ልቡ ነው አሉ። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ዲኑ ለቅሶ መጥቶ በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ሄደ። ለሁለተኛ ጊዜ የመጣው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ከወጣ በኋላ ነው። እኔ ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ሱቁን ከፍቼ፣ የሚሠራ ነገር ሳይኖር፣ የባነር ጥቅልሎችን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው አዛውር ነበር። ጎረቤቶች አርባው ሳይወጣ ሱቅ መክፈቴን ወደውም ጠልተውም አይተውታል።

«እትዬ፣ በዚህ ሰዓት ማስቸገሬን አውቃለሁ» አለኝ ዲኑ በሩ ላይ ቆሞ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ሁሌ እስከ አንገቱ ይቆለፋል። «ግን ውጤት ወጣ። ሌሎቹ ኮሌጆች ከድሬዳዋ ድረስ መኪና ልከዋል። እኛ ዝም ካልን ክፍሉ ባዶ ይቀራል።»

«ፈቃዱ መጣ?»

«በሂደት ላይ ነው። ገምጋሚዎቹ ምንም እንከን አላገኙም። የደብዳቤ ጉዳይ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ነርሲንግን ቆርጬ አወጣዋለሁ። ቀላል ነው።»

«ነርሲንግን ካወጡት ማን ይመጣል? እትዬ፣ የወላጆቹ ጆሮ እዚያ ላይ ነው። ራስዎ ያውቁታል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ሰው የሚያምነው የሳቸውን ድምፅ ነው። ከሂርና እስከ መቻራ የማያውቃቸው የለም። በሌላ ሰው ማስቀዳት አልፈለግኩም።»

ይህን ሲል የያዝኩትን ጥቅልል አስቀመጥኩ። ከሞተ ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁም ነበር። ስልኩ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ቻርጅ ከማድረግ በቀር አልከፈትኩትም። አሁን ግን ድምፁ በሂርና ጎዳና፣ በበደሳ ገበያ፣ ቀጥሎም በተወለደበት በመቻራ ሲያልፍ ታየኝ። እዚያ ቀብሩ ላይ መድረስ ያልቻሉ ዘመዶች አሉት። በየበራቸው ቆመው ይሰሙታል። ይህን በጣም ፈለግኩት። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ዲኑ መላውን አመጣ፤ ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ «የነርሲንግ ፈቃድ በሂደት ላይ ነው» የሚል እንድጨምር። እውነቱ ይነገራል፤ ድምፁም ሳይነካ ይቆያል። በራሪ ወረቀቱ ላይም ከነርሲንግ ጎን ያው ቃል ይጻፋል። እሺ አልኩ። ስልኩን ከሣጥኑ አውጥቼ ያን አንድ ዓረፍተ ነገር እኔው በድምፄ ቀዳሁት፤ በሁለቱም ቋንቋ፤ የእሱን ሳላዳምጥ ከመጨረሻው ቀጠልኩት። ጮክ ብዬ እየተራመድኩ አላነበብኩትም። ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር መራመድ የእሱ ሥራ ነበር።

መጀመሪያ ሂርና ሄድን። ጋሼ መኪናውን ያሽከረክራሉ፤ እኔ ጎናቸው ጥቁሬን ለብሼ ተቀምጫለሁ። ማጉያው ሲከፈት እጄ በሩን ጨበጠ። ከጣሪያው ላይ፣ ከራሴ በላይ፣ «እናት፣ አባት» አለ። ጋሼ መሪውን ይዘው ወደፊት ብቻ አዩ። ጥቂት ከሄድን በኋላ «ጤነኛ ድምፅ ነው» አሉ፤ ሌላ ነገር ለማለት ፈልገው ይመስለኛል። እኔ አላለቀስኩም። ጆሮዬ ሌላ ነገር ስላልሰማ፣ ሂርና ላይ ሰው ምን እንዳለ፣ ማን እንደቆመ አላወቅኩም። ቀረጻው አልቆ ሲጀምር፣ አልቆ ሲጀምር ዋልን። የሚኒባስ ረዳቶች «ጭሮ፣ ጭሮ!» ብለው ሲጮኹ ድምፁን ስለሸፈኑት ተናድጄ ነበር።

በማግስቱ ወደ በደሳ ወረድን። የገበያ ቀን ስለነበር መኪናው በሰው መሀል እንደ ኤሊ ይሄዳል። ጋሼ በየጊዜው አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «አህያህን ያዛት! ኮሌጅ ልታስመዘግባት ነው?» እያሉ ይቀልዳሉ። ሰው ይስቃል፤ መንገድ ይለቃል። ዓላማችን ከቀትር በኋላ ወደ መቻራ መቀጠል ነበር። እኔ ስለመቻራ ብቻ ነበር የማስበው። መንገዱ መጥፎ ስለሆነ ቶሎ እንነሳ እያልኩ ጋሼን አጣደፍኳቸው።

ከጫት ተራው ጫፍ አንዲት ሴት የመኪናውን አፍንጫ በመዳፏ መታች። ጋሼ ቆሙ። ሴትየዋ ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራለች፤ እጇ ጫት በሚታሰርበት ገመድ ቀልቷል። ከኋላዋ ረዘም ያለች ልጃገረድ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆማለች።

«ኦቦሌቲ!» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ይሄ የዛ ሰውዬ ድምፅ አይደል? የመቻራው ልጅ?»

«ነው።»

«ወላሂ አወቅኩት! ያኔ የክትባቱን ጊዜ የተናገረው እሱ ነው። ቀኑን አልሳተም፤ ቦታውን አልሳተም።» ልጇን በክንዷ ጎትታ ወደ መስኮቱ አቀረበቻት። «ስሚ፤ ይሄ ሰው ካለ አለ ነው። ነርስ ትሆኛለሽ። ሐረር ዘመድ ቤት ሆኜ ነርሲንግ ልማር ስትለኝ ነበር፤ እኔ አልለቃትም አልኩ። አሁን እዚሁ ጭሮ መጣ። አልሐምዱሊላህ! የት ነው የምንመዘገበው?»

ልጅቷ ቀና ሳትል «እማ፣ መጀመሪያ እንጠይቅ» አለች።

«ምን ይጠየቃል? ሰውዬው ነገረን እኮ!»

እኔ ከመኪናው ወረድኩ። «ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው የሚለውን ሰምተሻል?» አልኳት።

«ምን?»

«ነርሲንጉ ገና ፈቃድ አላገኘም። መጨረሻው ላይ ይላል።»

ሴትየዋ ልጇን አየች፤ ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ አልሰማንም ማለቷ ነው። ጋሼ ከመሪው ኋላ ሆነው አገጫቸውን ወደ ገበያው ማዶ ጠቆሙ። «እሱማ የተነገረው እዛ ጫማ ሰፊው ጋ ስንደርስ ነው» አሉ። «ጫማ ሰፊው ደግሞ ልጅ የለውም።»

ከጎን የቆሙ ሰዎች ሳቁ። እኔ ግን ወደኋላ ዞሬ የመጣንበትን መንገድ አየሁ። ቲማቲም ሻጮቹ፣ ከጥላው ሥር የተቀመጡት አዛውንቶች፣ በየግድግዳው የቆሙት ወጣቶች፤ ሁሉም «ነርሲንግ»ን በእሱ ድምፅ፣ ሙሉ ሆኖ፣ ብቻውን ቆሞ ሰምተዋል። የእኔዋ ዓረፍተ ነገር ከእነሱ ዘንድ አልደረሰችም። የደረሰችበትም ሰው ስለምን እንደምታወራ አላወቀም። ትናንት ሂርናም እንደዚያው ሆኖ ውሏል ማለት ነው።

ከራሴ በላይ እሱ እንደገና ጀመረ። «እናት፣ አባት፤ ልጅዎ እዚሁ ጭሮ...» ሴትየዋ ጣቷን ወደ ማጉያው ቀስራ «ይኸው! ይኸው!» አለች።

መኪናው ውስጥ ገብቼ ማጫወቻውን አጠፋሁት። ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ነበር። በገበያው ጩኸት ውስጥ አንድ ነገር የተቆረጠ መሰለኝ። ጋሼ ማይክሮፎኑን ከበሩ ኪስ አውጥተው አቀበሉኝ።

በማይክሮፎን በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም ነበር። ጥቁር ልብስ ላይ ነኝ፤ አርባው አልወጣም፤ እዚያ ገበያ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች አሉ። «ነርሲንግ ዘንድሮ ምዝገባ የለውም» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር። በአፋን ኦሮሞም ደገምኩት፤ እንደ እሱ አልሆነልኝም። «ነርሲንግ ፈቃድ ሲያገኝ መጥተን እንነግራችኋለን። ሒሳብ አያያዝና ኮምፒውተር ፈቃድ አላቸው።» ከኋላ አንዱ ወጣት «ታዲያ ሰውዬው ዋሸን?» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። «እሱ አልዋሸም፤ ሞቷል» አልኩ። ሳቁ ቆመ። ይህን ለማለት አላሰብኩም ነበር። ማጉያው ላይ ወጣ።

ሴትየዋ መጣችና እጄን ያዘች። «አብሽሪ» አለችኝ፤ «አብሽሪ፣ ኦቦሌቲ።» ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ በአፋን ኦሮሞ አንድ ነገር ተናገረች። ልጅቷ በራሪ ወረቀቱን ተቀብላኝ ቆማ አነበበችው፤ ከነርሲንግ ጎን ያለችውን ትንሿን ቃል በጣቷ ነካቻት፤ መልሳ ሰጠችኝ። «እማ፣ ሐረር ልቀቂኝ» ስትላት ሰማሁ። እናትየው ምን እንደመለሰች አልሰማሁም፤ ሰው መሀል ገብተው ሄዱ።

በደሳን እንደገና ከዳር ጀምረን ዞርን፤ ይህን ጊዜ እኔ እየተናገርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፤ «የኮሌጁ ነርሲንግ ዘንድሮ ምዝገባ የለውም።» ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ድረስ። ዲኑ ደወለ፤ አንድ ሰው ነግሮታል።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው? ዘንድሮ የለም ብለው? ነገ ቢመጣስ?»

«ነገ ከመጣ ነገ እናገራለሁ።»

«ተማሪዎቼን እያባረሩ ነው እኮ!»

«የሚሰማው ሰው መጨረሻውን አይሰማም» አልኩት። «መኪናው ያልፋል። ይህን ባለቤቴ ነግሮኝ ነበር።»

ከዚያ «ይመለሱ፤ ወደ መቻራ እንዳትሄዱ» አለኝና ዘጋ።

ጋሼ መገንጠያው ላይ መኪናውን አቁመው አዩኝ። አንደኛው መንገድ ወደ መቻራ ይወርዳል። «ነርሲንግን ቆርጠሽ የቀረውን ማሰማት ትችያለሽ» አሉኝ። እችላለሁ። ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ መቁረጡ የደቂቃ ሥራ ነው። ግን ኮሌጁ ሥራውን አስቁሟል፤ የማንም ያልሆነ ማስታወቂያ በሞተ ሰው ድምፅ ዘመዶቹ በር ላይ ይዤ መዞር አልቻልኩም። «እንመለስ፣ ጋሼ» አልኩ። ጭሮ እስክንደርስ መስኮቱን ስከፍትና ስዘጋ መጣሁ። በማግስቱ በራሴ ወጪ ሂርና ወርጄ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በማጉያው ተናግሬ ተመለስኩ፤ ጋሼ ሳይቃወሙ መኪናውን ነዱልኝ።

ኮሌጁ የቀረውን ምዝገባ ከድሬዳዋ በመጣ ሌላ ድርጅት አስተዋወቀ። ዲኑ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈቃዱም በኋላ መጣ አሉ፤ ግን ምዝገባው ከተዘጋ፣ ትምህርቱም ከተጀመረ በኋላ ነው። አርባውን ካወጣሁ በኋላ መንገድ ላይ አግኝቼው ቆመን ሰላም ተባባልን። ስለሥራው አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም።

አሁን ማስታወቂያዎቹን ራሴ እጽፋለሁ፤ በሁለቱም ቋንቋ ራሴ አነባለሁ፤ አፋን ኦሮሞዬን የሚያርሙልኝ ጋሼ ናቸው። የኮሌጅ ሥራ ሲመጣ ለእያንዳንዱ ትምህርት ፈቃዱን ካላየሁ ስሙን አልጽፍም። በሳምንት ሁለት ቀን መኪና ይዘን እንወጣለን።